እማማ ግራ ጉንጯን ያዩ ዕለት

— ሄሎ? ... ሄሎ፣ ማን ልበል?

— እትዬ! አንቺ ነሽ እንዴ? ቁጥር ቀየርሽ? ... ከትናንት ጀምሮ? ... አልሰማሁሽም፣ የስፌት መኪናው እየጮኸ ነው። ቆይ ላቁመው። ... እሺ፣ አሁን ቀጥይ።

— ደህና ነን። ልጆቹም ደህና ናቸው። ... አዎ፣ ሁለቱም። ... እዚሁ ናቸው አልኩሽ! ምነው እንደ መርማሪ አፋጠጥሽኝ?

— ማን ነው ያለሽ? ... እማማ? መቼ? ... እሁድ። ገባኝ። እሁድ ከሰዓት በኋላ በረንዳ ላይ ሆነው ሻምበልን "ለአክስትሽ ደውይልኝ" ሲሏት ሰምቻለሁ። ሻምበል ደግሞ ታውቂያታለሽ፣ በአሥራ አንድ ዓመቷ ቤቱን የምታዘው እሷ ናት፤ ስሙን በከንቱ አላወጣንላትም። ቁጥሩን መትታ ሰጠቻቸው። ሰላምታ መስሎኝ ነበር። ... ምን አሉሽ? ቃል በቃል ንገሪኝ።

— "ሚስትየዋ ትንሿን አቃጥላታለች። ትልቋን ሳትጨምር መጥተሽ ውሰጂያቸው" ነው ያሉሽ?

— ...

— አለሁ። አለሁ፣ እየሰማሁሽ ነው። ... አይ፣ ለእኔም በፊቴ ብለውኛል። አንቺ ግን ከእሁድ እስከ ዛሬ ማክሰኞ አምነሽ ነው የተቀመጥሽው? ባለቤቴ የእናትሽ ልጅ፣ የገዛ ወንድምሽ፣ እኔ ደግሞ ባዳ... ... እሺ። እሺ፣ አልቀጥልም።

— ጠባሳ አላት ወይ? አላት። ... ግራ ጉንጯ ላይ፣ ከጆሮዋ ሥር ተነስቶ በአገጯ በኩል አንገቷ ድረስ። ... እንዴት ታያለሽ? ፎቶ የላክንልሽ ሁሉ ከቀኝ በኩል ነዋ። ... አዎ፣ ሆን ብለን ነው። ... ተይ አትጩሂ! ቆይ በሩን ልዝጋ። እማማ ጓሮ ናቸው፣ ግን ዓይናቸው ከበራ ወዲህ ጆሯቸውም አብሮ የተከፈተ ይመስለኛል።

— ዘጋሁ። አሁን አንድ ነገር እሺ በይኝ፤ ከመጀመሪያው ልንገርሽና መጨረሻ ላይ ፍረጂ። በመሀል አትፍረጂ። ... ማን አቃጠላት? እደርስበታለሁ። ... እደርስበታለሁ አልኩሽ እኮ!

— የዓይናቸው ሞራ እንዴት እንደነበረ አንቺ አታውቂም። በስልክ "እያየሁ ነው፣ ትንሽ ጭጋግ ቢጤ ነው" ይሉሽ ነበር። ጭጋግ! ሰው በሩ ላይ ሲቆም ጥላ ነው የሚታያቸው። ማን እንደሆነ የሚለዩት በእግር ኮቴ ነው። ልጆቹን በእጃቸው ነው የሚያውቋቸው፤ ሻምበልን በግንባሯ፣ ትንሿን ሚጢን በጉንጯ። ሐኪም ቤት እንሂድ ስንላቸው "ዓይኔን አውጥተው ለሌላ ሊሸጡት ነው" ይሉናል። ሦስት ዓመት እንዲህ ተከራከርን። መጨረሻ ላይ ባለ ሱቋ፣ ጎረቤታችን፣ የራሷን እናት ዓይን አሠርታ አመጣችና አሳየቻቸው። እማማ ሴትዮዋን አስቀምጠው ግማሽ ቀን መረመሯቸው። "ስንት ጣት ነው? ይህስ ምን ቀለም ነው? ቁልፌ የት ወድቋል?" ሁሉንም ሲመልሱ፣ "አጥንተሽ መጥተሽ ነው" አሏቸው። ... አትሳቂ፣ እውነቴን ነው! ግን ሄዱ።

— አዎ፣ የከተማው ሆስፒታል። ዓይን ክፍሉ ከኋላ ነው፣ ረጅም ኮሪደር፣ በግራም በቀኝም አግዳሚ ወንበር። መጀመሪያ ያ ግድግዳ ላይ ያለው፣ እግሩ ወዲያና ወዲህ የዞረ ፊደል አለ አይደል? "እግሩ ወዴት ነው?" አለቻቸው ነርሷ። ግድግዳውንም አላዩትም። ነርሷ ቀርባ ጣት አስቆጠረቻቸው፤ አልሆነም። እጇን ዓይናቸው ፊት አወዛወዘች፣ "ይኼን አየሁ" አሉ። በቀኙም በግራውም ያው። የዚያን ዕለት ነው እኔ ራሴ የደነገጥኩት። ከዚያ ደም ግፊት፣ ስኳር። ከዚያ ደግሞ በመሣሪያ ዓይኑን ለኩት፤ ውስጥ የሚገባው ሌንስ ቁጥር አለው፣ ልክ እንደ ጫማ። እማማ "የማን ነበር ሌንሱ?" አሉ። ሐኪሙ "የማንም አልነበረም፣ አዲስ ነው፣ ፕላስቲክ ነው" ቢላቸው፣ "ካርቶኑን አሳየኝ"። አሳያቸው! ሳያዩት በጣታቸው ዳሰሱት። ላዩ ላይ ያለችውን ቁጥር የተጻፈባትን ወረቀት ልጦ ካርዳቸው ላይ ሲለጥፍ ካርዱን ተቀብለው ጉያቸው ውስጥ ከተቱት። እስከ ዛሬ እዚያው ነው።

— አላስተኟቸውም፣ ነቅተው ነው። ማደንዘዣው ከዓይናቸው በታች በመርፌ ነው የሚሰጠው። ከዚያ በፊት አንድ ሰዓት ሙሉ ጠብታ ነበር፤ ብሌኑን የሚከፍት። ከሚሠራው ዓይን በላይ ግንባራቸው ላይ ፕላስተር ለጠፉባቸው፣ እንዳይሳሳቱ። "እንደ ከብት ምልክት አደረጉብኝ" ብለው በጣታቸው ደጋግመው ነኩት፤ በቀኝ በኩል መሆኑን እኔን ሦስት ጊዜ አስማሉኝ። ሀያ ደቂቃ አልፈጀም። ሲወጡ ምን አሉ መሰለሽ? "ሰማያዊና ቀይ መብራት ሲዋኝ አየሁ፤ ሰውየው እየሠራ ከነርሷ ጋር ስለ ቤት ኪራይ ያወራል፤ ሐሳቡ እኔ ላይ አልነበረም።" ... ሞራው? በትንሽ ቀዳዳ ነው ያወጡት። ምስር ክክ ነው የሚያክለው አለ ሐኪሙ፣ ግን በስሎ ጠንክሮ ቡናማ ሆኗል። ግራው ከወር በኋላ ነው። ሁለቱን አንድ ላይ አይሠሩም።

— እንግዲህ በማግስቱ ረቡዕ ጠዋት ፋሻው ተፈታ። ... እኔ ነበርኩ አጠገባቸው። ልጆቹ ትምህርት ቤት ናቸው። ... ምን ልደብቅሽ፣ እኔ ነኝ ትምህርት ቤት እንዲሄዱ ያደረግኩት። ፈርቼ ነበራ!

— ነርሷ ፕላስተሩን አነሳች፣ ዓይኑን በጥጥ ጠረገችላቸው። ኮሪደሩን አዩ፣ መስኮቱን አዩ። ከዚያ የገዛ እጃቸውን አገላብጠው አዩና "ይቺ የማናት? ያረጀችዋ?" አሉ። ወደ እኔ ዞሩ። እትዬ፣ እናትሽ ሦስት ዓመት አላዩኝም። ከጫማዬ ጀምረው እስከ ፀጉሬ ወጡ። እኔ "እንኳን እግዜር ብርሃንዎን መለሰልዎ" ልል ነው። እሳቸው ምን አሉ? "ለምንድን ነው የፈራሽው?"

— ሰው ፊት ላይ መጀመሪያ ያዩት ነገር ያ ነው። የእኔን ፍርሃት።

— ... አንዴ ቆይ። ሻምበል! በሩን አትምቺ፣ ስልክ ላይ ነኝ! ... ሰዓቱን አውቃለሁ፣ ገና ሀያ ደቂቃ ይቀረዋል! ... ጠብታ ነው እትዬ፣ በየሰዓቱ ነው አሁን። ለምን በየሰዓቱ እንደሆነም እነግርሻለሁ።

— ከሰዓት በኋላ ልጆቹ መጡ። እማማ ከመስኮቱ አጠገብ ያለው ወንበር ላይ፣ ፀሐይዋ ከኋላቸው። ሻምበል ቀድማ ገባች። አገጯን ይዘው አዩአት፣ አዩአት፣ "የአያትሽን ቅንድብ ሰርቀሽ ነው ለካ የምታዢን!" አሉ። ሳቁ። አፍንጫዋ ላይ ያለችውን ነጥብ ሳይቀር ቆጠሩ። ቀጥሎ ሚጢ። በዚያ ሙቀት ሻርፕ እስከ አገጯ ተጠምጥሞባታል። ... እኔ ነኝ የጠመጠምኩላት። ገባችና እንደ ልማዷ ቀኝ ጉንጯን አቀረበች።

— ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲያ ነው ያስተማርናት። አያትሽ ሲስሙሽ ቀኙን ስጪ። እሳቸውም "ይቺ ልጅ አንድ ጉንጭ ብቻ ነው እንዴ ያላት?" እያሉ ይቀልዱ ነበር። የዚያን ዕለት አልቀለዱም። "ይኼ ሻርፕ ምንድን ነው?" አሉ። "ጉንፋን ይዟት ነው" አልኩ። ሻምበል ደግሞ በዚያው ቅጽበት "ትምህርት ቤት አዘው ነው" አለች። በቃ። እማማ ሻርፑን በሁለት ጣት ይዘው ቀስ ብለው ፈቱት።

— ...

— ጣታቸውን ሊያሳርፉ ፈልገው መልሰው ሰበሰቡት። ከዚያ "ማን ነው?" አሉ። "ምን ሆና ነው" አላሉም እኮ። "ማን ነው?"

— እኔ "ወድቃ ነው" አልኩ። ሻምበል "ሙቅ ውሃ ነው" አለች። ለወንድምሽ ተደወለ፤ መኪና እየነዳ መንገድ ላይ ነው፣ ምን እንዳልን አያውቅ፣ "ቆዳዋ ላይ የወጣ በሽታ ነበር፣ ድኗል" አለ። ሦስት አፍ፣ ሦስት ወሬ። እማማ ስልኩን ዘግተው "ውሸታሞች እንኳን ተስማምተው ነው የሚዋሹት" አሉ።

— ሐሙስ ጠዋት ባለ ሱቋ ጋ ሄዱ። ብቻቸውን! መንገዱን እያዩ! ያስደስተኝ ነበር፣ ዕዳዬን ባላውቅ ኖሮ። ባለ ሱቋ ምን ታውቃለች? እኛ ያልናትን ነው የምታውቀው። "እናትየው የፈላ ማንቆርቆሪያ ትታ ወጣ ስትል ልጅቷ ላይ ወደቀ፤ ሦስት ሳምንት ሆስፒታል ተኛች" አለቻቸው። ... አዎ፣ ለጎረቤቱ ሁሉ ያልነው እንደዚያ ነው። ... እኔ ነኝ ያልኩት! በራሴ አፍ! ... ወይኔ እትዬ፣ ትንሽ ታገሺኝ።

— ከዚያ በኋላ ቤቱ ውስጥ የሆነውን ልነግርሽ አልችልም። በዓይናቸው ይከተሉኛል። ድስት ሳወርድ ይመጣሉ፣ ካውያ ሳግል በር ላይ ይቆማሉ። ሚጢን ሳጥባት ውሃውን ቀድመው በክርናቸው ይለኩታል። አንድ ቀን መቀሴን ደብቀው አገኘሁ። ስፌት ሠርቼ የምበላ ሰው፣ መቀሴን! ደግሞ ፊቴን ያያሉ። ያ ያዩት ፍርሃት ትዝ እያላቸው፣ "ለካ ለዚህ ኖሯል" እያሉ። እኔም ፍርሃቱ አልለቅ ብሎኝ በተራዬ እንደ ጥፋተኛ እደናገጣለሁ። ንጹሕ ሰው ሲጠረጠር እንደ ሌባ ነው የሚሆነው።

— ይህ ሁሉ አንድ ነገር ነው። የባሰው ጠብታው ነው። ከሐኪም ቤት ሁለት ብልቃጥ ተሰጥቷል። አንደኛው ቁስሉ እንዳይመረቅዝ፤ ሌላው ነጭ ወተት የመሰለ፣ ዓይኑ እንዳይቆጣ፣ ነቅንቀሽ ነው የምትጨምሪው። በሁለቱ መሀል አምስት ደቂቃ። የታችኛውን ሽፋን ሳብ አድርጎ አንዲት ጠብታ፣ ጫፉ ዓይን ሳይነካ። ሲተኙ ዓይኑ ላይ ክዳን፣ አለማጎንበስ፣ አለማሸት፣ ውሃ አለማስነካት። ረቡዕ እኔ ጨመርኩላቸው። ሐሙስ ብልቃጡን ይዤ ስቀርብ እጄን ገፉት። "ልጅ ካቃጠለ እጅ ዓይን አልቀበልም።"

— አዎ፣ ራሳቸው ጀመሩ። የብልቃጦቹ ክዳን ተመሳሳይ ነው፣ የቅርብ ነገር ደግሞ ያለ መነጽር ገና አያነቡም፤ ሌንሱ ሩቁን ነው የሚያሳየው። የትኛው የትኛው እንደሆነ አያውቁም፣ አይነቀንቁም፣ አንዷ ጠብታ ቅንድብ ላይ፣ አንዷ ጆሮ ላይ። ሻምበል ከበሩ ቀዳዳ እያየች ትቆጥርልኛለች፤ "እማ፣ ዛሬ አንድም አልገባም" ትለኛለች። ልርዳዎት ብትል እሷንም "እናትሽ ልካሽ ነው" ይሏታል። ብልቃጦቹን ትራስ ሥር ከትተው ነው የሚተኙት። እቀይርባቸዋለሁ ብለው ፈርተው!

— ለምን አልነገርኳቸውም? ... መጨረሻው ላይ እየደረስኩልሽ ነው እኮ።

— ትናንት ሰኞ ጠዋት ዓይኑ ቀልቶ ተነሱ። መስኮቱን ጨርቅ ሸፍነው ተቀምጠዋል። "ብርሃኑ ይወጋኛል" አሉ። ነርሷ ስንወጣ ነግራናለች፦ ሕመም ወይም መቅላት ወይም ዕይታ መቀነስ ካለ ሳይውሉ ሳያድሩ ይምጡ። ታክሲ ጠራሁ። እማማ ከእኔ ጋር ብቻቸውን አልሄድም አሉ። ሚጢን እጇን ይዘው፣ "ምስክሬ ናት" ብለው፣ ሁለቱ ከኋላ፣ እኔ ከፊት።

— ሐኪሙ አገጫቸውን መሣሪያው ላይ አስደግፎ በዚያ ቀጭን መብራት አየ። ግፊቱን ለካ። ቆየ። "መመረቀዝ አይደለም" አለ፣ "ዓይኑ ተቆጥቷል። ነጩ ጠብታ በትክክል አልገባም። እንዲህ ሁለት ሦስት ቀን ብትቆዩ ያገኛችሁትን ታጡት ነበር። ማን ነው የሚጨምርልዎት?" እማማ ጣታቸውን ወደ እኔ ቀስረው፣ ነርሷ ባለችበት፣ ሰልፈኛው በር ላይ ቆሞ እየሰማ፣ "ይቺ ሴት ልጇን ያቃጠለች ናት። ለእሷ እጅ ዓይኔን አልሰጥም" አሉ።

— ... ምን ልመልስ? ለወንድምሽ ምያለሁ። አንገቴን ደፍቼ ወለሉን አያለሁ። የዚያን ጊዜ ሚጢ ጭናቸው ላይ ነው ያለችው። ዝም ብላ ጫማዋን ስታወዛውዝ ነበር። ቀና ብላ አየቻቸውና...

— ... ቆይ። ውሃ ልጠጣ።

— "እማ አይደለችም፣ አያቴ። አንቺ ነሽ። ግን አላየሽኝም።"

— ...

— አዎ። ... አዎ እትዬ፣ እሳቸው ነበሩ። ... ሁለት ዓመት ሆነው። አልጋ ላይ ተቀመጡ ስላቸው "እኔ ድንጋይ ነኝ ወይ ቁጭ የምለው" ብለው ማንቆርቆሪያውን ከምድጃው አነሱ። ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ያስቀመጡት መስሏቸው አየር ላይ ነው ያስቀመጡት። ሚጢ ከታች ናት፣ አራት ዓመቷ ነው፣ አሻንጉሊቷን ታነሳለች። እኔ ከዚህ፣ ከስፌት መኪናዬ፣ አራት እርምጃ ነው። አራት እርምጃ አልደረስኩም! ስለዚህ "እናትየው ጥላ ወጣች" ሲሉ፣ እትዬ፣ ጨርሶ ውሸት ነው ብዬ አላስብም ነበር። በዚያ ነው ጥፋቱን መሸከም የቀለለኝ።

— እሳቸው ጩኸቷን ሰሙ። "ምን ሆነች?" አሉ፤ የዚያን ዕለት ቤት የነበረው ወንድምሽ "ደንግጣ ነው፣ ውሃው መሬት ላይ ነው የፈሰሰው" አላቸው። ሆስፒታል ስትተኛ እናቴ ጋ ሄዳለች አልናቸው። ማታ ወንድምሽ አስማለኝ፤ "ይህን ካወቀች እናቴ አትተርፍም" አለኝ። ለአንቺ ያልነገርንሽም ለዚህ ነው። ... እህ፣ ምላስሽ ላይ ምስጢር ያድራል ልትይኝ ነው? አያድርም!

— ሐኪም ቤት? እማማ ሚጢን ከጭናቸው ቀስ አድርገው አወረዷት። ወደ እኔ ዞሩና ፊቴን አዩ፣ እንደዚያች ረቡዕ ጠዋት። ሲያዩ ቆዩ። ነርሷ በየሰዓቱ ጨምሩ ብላ የመጀመሪያውን ራሷ ጨመረችላቸው።

— ቤት ገባን። አረፉ መሰለሽ? ምን በወጣቸው! "ማንቆርቆሪያውን አምጪ" አሉ። ባዶውን አመጣሁ። "ያ ነው?" "ያው ነው።" "ጠረጴዛው ያን ጊዜ የት ነበር?" ጎተትኩት። "ሚጢ፣ የት ነበርሽ?" ልጄ ሄዳ ቆመች። እኔ "ተዉ እማማ፣ ምን ያደርግልዎታል" እላለሁ። "የሰው ወሬ ሰልችቶኛል። አሁን የማምነው ያየሁትን ነው" አሉኝ። አስበሽዋል? በራሳቸውም ላይ መርማሪ ሆኑ። በኋላ ልጅቷን "ዘወር በይ፣ ራቂ" ብለው አሻንጉሊቷን በቦታዋ አስቀመጡ።

— ከዚያ ቀኝ ዓይናቸውን፣ የተሠራውን፣ ሳይጫኑ በመዳፋቸው ከለሉት። ሞራ ባለበት በግራው ብቻ። ከምድጃው ተነስተው ሦስት እርምጃ ሄዱ። እጃቸውን ዘረጉ። አስቀመጡ። ... አንድ ስንዝር ጎድሏል እትዬ። አንዲት ስንዝር! ማንቆርቆሪያው አሻንጉሊቷ ላይ ወደቀ። ባዶ ነው ግን እኔ ጮህኩ።

— እሳቸው አልጮሁም። መዳፋቸውን አወረዱ፣ በደህናው ዓይናቸው ወደታች አዩ። "አየሁት" አሉ።

— ...

— እኔስ ማልቀሳቸውን ነው የፈራሁት፣ ለዓይኑ። ነገር ግን ተቆጡ። የጠበቅኩት ይቅርታ ነበር፣ አልዋሽሽም፤ ቁጣ መጣ። "ሁለት ዓመት ሙሉ በዚህች ልጅ ፊት አሳቃችሁኝ። እያቃሰተች ሳለ እኔ ደህና ናት ብዬ እንድተኛ አደረጋችሁ። ማን ፈቀደላችሁ?" "ለእርስዎ ብለን ነው" ስል፣ "ለእኔ ብለሽ ስምሽ ሲጠፋ ዝም አልሽ፤ ነገ ደግሞ ለእኔ ብለሽ ምን ትደብቂያለሽ? ዛሬስ ምን ደብቀሽኛል? የዚህ ቤት ሰው ሁሉ ለእኔ ብሎ ነው የሚዋሸኝ!" እውነታቸውን ነው እኮ። እኔ እጠረጠራለሁ ብዬ ስማረር የጥርጣሬያቸውን ፍሬ የዘራነው እኛ ነን። የማታይ ሴት አጠገብ ተንሾካሹከን፣ ተጠቃቅሰን።

— ሚጢማ? እሷ የልጅ ነገር... ሄዳ ፊታቸው ቆመችና "አያቴ፣ አስቀያሚ ነኝ?" አለቻቸው። እኔ "አይደለሽም!" ልል አፌን ስከፍት እማማ በእጃቸው አስቆሙኝ። መስኮቱ ጋ ወሰዷት፣ ብርሃኑ እየወጋቸው፣ ግራውን አዙረው አዩት። የመጀመሪያ ጊዜ ዳሰሱት። "ጠባሳው ትልቅ ነው" አሏት። "አንቺ ደግሞ ታምሪያለሽ። ሁለቱንም አይቻለሁ። ሌላ ነገር የሚልሽ ሰው ቢመጣ አትመኚው፣ እኔ ዓይን ያለኝ ሰው ነኝ።" ልጄ ሳቀች። በግራ ጉንጯ በኩል ስትስቅ ከንፈሯ ትንሽ ይሳባል፤ እማማ ያን አላወቁም ነበር። "እንዲህ ነው እንዴ የምትስቂው?" አሏት፣ ደግመው አሳቋት። ደግመው።

— ... አልቅሺ፣ ምን ችግር አለው። እኔ ትናንት ጨርሻለሁ።

— ከዚያማ ሰዓቱ ደረሰ። ሻምበል "ጠብታ!" ብላ ጮኸች። እማማ ከትራሳቸው ሥር ሁለቱን ብልቃጥ አወጡ። በእጃቸው ይዘው ቆዩ። እኔ እንቅስቃሴ የለኝም፣ ግድግዳ ነው የመሰልኩት። ከዚያ አልጋው ላይ ጋደም አሉ፣ አንገታቸውን ቀና አደረጉ፣ "ነጩን መጀመሪያ ንቀንቂው" አሉኝ። በቃ፣ ይኸው ነው። ነቅንቄ ከፈትኩት። "አትንቀጥቀጪ፣ ከተንቀጠቀጥሽ እጠረጥርሻለሁ" አሉ።

— ዛሬ ቅላቱ ቀንሷል። ነገ ተመልሰን እንታያለን። ... ግራውን? ያሠራሉ። በሚቀጥለው ወር። "በአንድ ዓይን ይህን ካየሁ በሁለት ምን ላገኝባችሁ ነው" ይላሉ። ወንድምሽ ዓርብ ይገባል፤ ገና ከአሁኑ ሦስት ጊዜ ደውሎ "ምን አለች? ተቆጥታለች?" ይላል። እኔ አልነግረውም። መጥቶ ይቀበል የራሱን።

— ... ቆይ፣ በሩ... እማማ? ... ይግቡ፣ ክፍት ነው። ... እትዬ ናት። ልጅዎ ናት፣ እማማ። ... ሁሉንም ነገርኳት። ... አዎ። ... አዎ፣ ማንቆርቆሪያውንም።

— እትዬ፣ እዚህ ቆመው ያዩኛል። ... ምን አሉ? "ማን አዘዘሽ፣ የእኔን ጥፋት እኔ ነኝ የምናገረው" ይላሉ። ... እማማ፣ ይውሰዱት እንግዲህ፣ ያውሩ፣ መስመር ላይ ናት... አይቀበሉኝም፣ እትዬ። "ከእሷ ጋር መሆንሽን በምን አውቃለሁ?" ይላሉ። ... ድምፅሽን ላሰማዎት ብላቸው፣ "ድምፅ አይደለም ያልኩሽ፣ ቁጥሩን እያየሁ ራሴ ነው የምመታው" አሉ።

— የራሳቸውን ስልክ አወጡ። ያን ቁልፉ ትልልቅ የሆነውን። ሻምበልን ገፏት፣ አትንኪ አሏት። ክንዳቸውን ዘርግተው አርቀው ያዩታል፣ ቅርቡ ገና ስለሚደበዝዝባቸው። ... ቁጥሯን ንገሪኝ ይሉኛል፣ አዲሱን። አንድ በአንድ። ... እሺ እማማ፣ መጀመሪያ ግን ይቺን ልዝጋ፣ አለበለዚያ አይገባም።

— እትዬ፣ ስሚኝ፣ ቶሎ። ሲደውሉ "አይዞሽ፣ አላየሽም እኮ" እንዳትያቸው። እሱን ራሳቸው ያውቁታል። ዝም ብለሽ እስኪጨርሱ ስሚያቸው። ... እ? ... አይ፣ ማንም አይመታላቸውም። እያዩ ነው የሚመቱት፣ ራሳቸው። ቢዘገይ እዚያው ጠብቂ፣ የትም እንዳትሄጂ። ... እሺ። ዘጋሁት።